ፎቶ ኮፒ ሲደረግ የማይጠፋ ቀለም እንዴት ይመረጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ የጽሕፈት፣ የፕሪንትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ነው የምሠራው። ወደ ቤታችን የሚመጣው ወረቀት በአብዛኛው የሚዘጋጀው በከለር፣ የሚባዛው ግን በጥቁርና ነጭ ነው። በከለር ማውጣት ከፎቶ ኮፒ ብዙ እጥፍ ስለሚወደድ ይህ ቶሎ የሚቀየር አይደለም። ስለዚህ ቀለም ስንመርጥ ከመጀመሪያው ሁለት ነገር ማሰብ አለብን። አንደኛው ወረቀቱ ግራጫ ሆኖ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ነው። ሁለተኛው ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግረው ሰው ሲያየው ምን እንደሚገባው ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች የምሰማቸው ከደንበኞች ነው። በብዛት የምመላለሰው በአንድ ምሳሌ ላይ ነው፤ እሱም የአንድ ሰፈር የውሃ ፈረቃ ሠንጠረዥ ነው።

የውሃ ፈረቃው ኮምፒውተር ላይ ጥርት ብሎ ይለያል። ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ። ምን ነካው?

ሠንጠረዡ ስድስት ቀጠና ወደ ታች፣ ሰባት ቀን ወደ ጎን ያለው ነበር። በጠቅላላው 42 ሳጥን ማለት ነው። ያዘጋጀው ሰው ኤክሴል ላይ ካሉት ዝግጁ ስታይሎች ሦስቱን ተጠቅሟል። ውሃ ላለበት ቀን Good፣ ለሌለበት Bad፣ ለግማሽ ቀን ደግሞ Neutral። ስክሪን ላይ ሲታይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ሮዝና ቢጫ ነው። ያምራል፣ ይለያል፣ ምንም አይወጣለትም።

ሳጥኖቹ ውስጥ ጽሑፍ አልነበረም፤ መልእክቱን የተሸከመው ቀለሙ ብቻ ነው። ከግርጌ «አረንጓዴ፦ ውሃ አለ፣ ቀይ፦ ውሃ የለም፣ ቢጫ፦ እስከ እኩለ ቀን» የሚል መግለጫ አለ።

ከፎቶ ኮፒው የወጣው ወረቀት ላይ ግን 42ቱም ሳጥኖች ነጣ ያለ ግራጫ ሆኑ። መግለጫው «አረንጓዴ» ይላል፤ ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ የሚባል ነገር የለም። ወረቀቱን በር ላይ ያየ ሰው ውሃው መቼ እንደሚመጣ ለማወቅ ጎረቤት መጠየቅ ነበረበት።

ማሽኑ አልተበላሸም፣ ቶነሩም አላለቀም። ሦስቱ ቀለሞች በስም ይለያዩ እንጂ በንጣት እኩል ናቸው። ንጣት የምለው ቀለሙ ወደ ነጭ ወይም ወደ ጥቁር ምን ያህል እንደሚጠጋ ነው። ጥቁርን 0፣ ነጭን 255 ብለን ብንለካው የ Good አረንጓዴ 223፣ የ Bad ሮዝ 217፣ የ Neutral ቢጫ 232 ይሆናል። በአረንጓዴውና በሮዙ መካከል ያለው ልዩነት 6 ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ልዩነት ፎቶ ኮፒ ማሽን ቀርቶ ጥሩ ፕሪንተርም ወረቀት ላይ አያሳየውም።

ሳጥኖቹ ውስጥ ጽሑፍ ቢኖር ኖሮም የጽሑፉ ቀለም አያድንም ነበር። የ Good ጥቁር አረንጓዴ ፊደል 57፣ የ Bad ጥቁር ቀይ ፊደል 47 ነው። ሁለቱም ጥቁር ሆነው ይወጣሉ።

ይህን ቁጥር ከየት ነው የምታመጡት? እኔም ልሠራው እችላለሁ?

በደንብ። ኤክሴል ላይ Fill Color ውስጥ ገብታችሁ More Colors፣ ከዚያ Custom የሚለውን ብትነኩ የቀለሙን ሦስት ቁጥሮች ታገኛላችሁ፦ Red፣ Green፣ Blue። እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ናቸው። ሦስቱን በ A2፣ B2 እና C2 ላይ ጻፏቸውና በ D2 ላይ ይህን አስገቡ፦

```
=0.299*A2+0.587*B2+0.114*C2
```

የሚወጣው ቁጥር ቀለሙ ወደ ግራጫ ሲለወጥ በግምት የሚኖረው ንጣት ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች እኩል ክብደት ያልተሰጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓይናችን የብርሃንን መጠን በብዛት የሚያነበው ከአረንጓዴው ነው፤ ቀይ ይከተላል፤ ሰማያዊ በጣም ትንሽ ነው የሚያዋጣው። ለዚህ ነው ንጹሕ ሰማያዊ ግራጫ ሲሆን ወደ ጥቁር የሚጠጋው፣ ንጹሕ ቢጫ ደግሞ 226 ላይ ወጥቶ ነጭ ወረቀት ላይ ሊጠፋ የሚደርሰው።

«ፈዛዛውን ትቼ ደማቁን ብጠቀምስ?» የሚል አይጠፋም። እንሞክረው። ኤክሴል Standard Colors ብሎ በአንድ መስመር ከደረደራቸው ውስጥ Red 76፣ Green 112 ነው። ከቅድሙ ይሻላል፤ ልዩነቱ ወደ 36 አድጓል። ግን ሁለቱም ወደ ጥቁሩ በኩል ስለሆኑ በላያቸው ያለውን ጥቁር ጽሑፍ ይውጡታል። ለብቻው የተቀመጠ አንድ ሳጥን አይቶ «ይህ ቀዩ ነው ወይስ አረንጓዴው?» ብሎ መለየትም ከባድ ነው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ብቻ ነው የሚታወቁት።

ቀመሩ ግምት መሆኑን አትርሱ። እያንዳንዱ ፕሪንተርና ኮፒ ማሽን ቀለምን ወደ ግራጫ የሚለውጥበት የራሱ መንገድ አለው፤ አንዳንዱ ቀዩን ያጠቁረዋል፣ አንዳንዱ ፈዛዛውን ሰማያዊ ጨርሶ ይተወዋል። ቁጥሩ መጥፎ ምርጫን ቀድሞ ለመጣል ይረዳል። ጥሩውን የሚያረጋግጠው ግን ማሽኑ ራሱ ነው።

ቀለም የመለየት ችግር ያለበት ሰው የሚያየው ጥቁርና ነጭ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ሁሉን ነገር ግራጫ አድርጎ የሚያይ ሰው በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛው ቀለም ያያል፤ የሚቸግረው ቀይና አረንጓዴን፣ ከእነሱም ጋር ቡኒን፣ ብርቱካናማንና ወይራ አረንጓዴን መለየት ነው።

ዓይናችን ውስጥ ቀለም የሚያነቡ ሦስት ዓይነት ህዋሳት አሉ። አንዱ ረጅሙን የብርሃን ሞገድ፣ አንዱ መካከለኛውን፣ አንዱ አጭሩን ነው በዋናነት የሚቀበለው። ቀይና አረንጓዴን የምንለየው ረጅሙንና መካከለኛውን በማወዳደር ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ወይም አንዱ ወደ ሌላው ከተጠጋ ማወዳደሪያው ይጠፋል። ሰማያዊና ቢጫን የምንለይበት መንገድ ግን ሳይነካ ይቀራል። ይህን ነጥብ ያዙት፤ በኋላ ቀለም ስንመርጥ የምንደገፈው በእሱ ላይ ነው።

ረጅሙን ሞገድ የሚቀበለው የጎደለበት ሰው ሌላም ችግር አለበት። ቀይ ለእሱ ከሌላ ቀለም ጋር መመሳሰሉ ሳያንስ ይጠቁርበታል። በጥቁር ጽሑፍ መሐል በቀይ የተጻፈ ቃል ላይታወቀው ይችላል።

ችግሩ በአብዛኛው በውርስ የሚመጣ ነው። የሚተላለፈው በኤክስ ክሮሞሶም ስለሆነ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ከአያት በሴት ልጁ በኩል አድርጎ የልጅ ልጅ ላይ ይወጣል። ከአውሮፓ ዘር በሆኑ ሰዎች ከ12 ወንዶች አንዱ ገደማ፣ ከ200 ሴቶች ደግሞ አንዷ ገደማ አለባቸው። አፍሪካ ውስጥ ቁጥሩ ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ይሁን እንጂ ወረቀታችሁ ብዙ ሰው በሚያልፍበት በር ላይ ከተለጠፈ በእርግጠኝነት እንዲህ ያለ ሰው ያየዋል። ብዙዎቹ ደግሞ ችግሩ እንዳለባቸው ራሳቸውም አያውቁትም። የማውቀው አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ከተሰጣው በርበሬ ላይ ገና አረንጓዴ የሆነውን ለይተህ አውጣ ሲባል የሚለየው በእጁ ዳስሶ ነበር። የደረቀውና እርጥቡ በእጅ ይታወቃሉ። ቤተሰቡ ሁሉ ጠንቃቃነቱ ይመስላቸው ነበር።

ስለዚህ ሁለቱ ችግሮች አንድ አይደሉም፤ ግን ይገናኛሉ። ፎቶ ኮፒ ቀለሙን ሁሉ ያጠፋና ንጣትን ብቻ ያስቀራል። ቀይና አረንጓዴ የማይለየው ሰው ደግሞ ንጣትንም፣ ሰማያዊና ቢጫንም ያያል። በንጣት በደንብ የተራራቁ ቀለሞችን ከመረጣችሁ ኮፒው ይድናል፤ ሰውየውም በአብዛኛው ይድናል።

እሺ፣ ለውሃ ፈረቃው የትኞቹን ቀለሞች እንጠቀም?

የመረጥኩት ከዚያው ከ Standard Colors መስመር ነው፤ ማንም ቁጥር ሳይጽፍ በአንድ ንክኪ እንዲያገኘው። ውሃ ላለበት ቀን Blue፣ ለግማሽ ቀን Orange፣ ለሌለበት ቀን ምንም ቀለም የለም፤ ሳጥኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

የ Blue ንጣት 88፣ የ Orange 189፣ የወረቀቱ ነጭ 255 ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው 101፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው 66 ልዩነት አለ። ከቅድሙ 6 ጋር አስተያዩት። ኮፒው ላይ ጥቁር ግራጫ፣ ነጣ ያለ ግራጫና ነጭ ሆነው ይወጣሉ፤ ለብቻው የቆመ ሳጥን እንኳ የትኛው እንደሆነ ይታወቃል።

በቀለምም ቢሆን ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀይና አረንጓዴ ለማይለየው ሰው ይለያዩለታል። ኤክሴል Orange ብሎ የሚጠራው ወደ ቢጫ ያደላ ስለሆነ የበለጠ ይመቻል። ውሃን በሰማያዊ ማሳየት ደግሞ ለማንም ግልጽ ነው፤ መግለጫውን ሳያይም ይገምተዋል።

ጥቁሩን ቀለም ለየትኛው እንስጥ የሚለውም ሊታሰብበት ይገባል። እኔ የሰጠሁት ቁጥሩ ለሚያንሰውና ሰው ለሚፈልገው ነው። በፈረቃ ሠንጠረዥ ላይ ውሃ የሚመጣበት ቀን ከማይመጣበት ያንሳል፤ ወረቀቱ ፊት የሚቆመው ሰው የሚፈልገውም ያንኑ ቀን ነው። «ውሃ የለም» የሚለውን በጥቁር ብትሞሉት ገጹ ሁሉ ይጠቁራል። ያረጀ ኮፒ ማሽን ደግሞ ሰፊ ጥቁር ቦታን እኩል አድርጎ መሙላት አይችልም፤ መሐሉ ይሳሳል፣ ነጭ ሽንትር ይገባበታል፣ ቶነርም ያለ ጥቅም ያልቃል።

ቀጥሎ ጽሑፉ አለ። በ Blue ላይ ነጭ፣ በ Orange ላይና በነጩ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ይሁን። ለድረ ገጽ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ በተራ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። ነጭ በ Blue ላይ 5 ለ 1 ገደማ ስለሚሆን ያልፋል። ወረቀት ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። በጥቁር መደብ ላይ ያለ ነጭ ፊደል ኮፒ ሲደረግ ቶነሩ ከዳር ወደ ውስጥ እየገባ ያቀጥነዋል። ፊደሎቻችን ደግሞ ትንንሽ ቀለበትና ቅጥያ ይበዛባቸዋል፤ «ሉ»ና «ሊ» ወይም «ጨ»ና «ጩ» በቀላሉ ይምታታሉ። ነጩን ጽሑፍ ቦልድ አድርጉት፣ መጠኑንም ከ12 አታሳንሱት።

በመጨረሻ በየሳጥኑ ቃል ይግባ፦ «አለ»፣ «ግማሽ ቀን»፣ «የለም»። ከግርጌ ያለውም «አረንጓዴ፦ ውሃ አለ» ማለቱን ይተው። በቀለም ስም ምትክ ትንሽ ሳጥን ሣሉና ራሱን ቀለሙን ሙሉበት። ኮፒ ሲደረግ እሱም አብሮ ግራጫ ስለሚሆን ከሠንጠረዡ ጋር ይመሳሰላል።

አምስት ስድስት ዓይነት መለየት ብፈልግስ?

ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ የሚደረግ ከሆነ በቀለም ብቻ አትለዩት። እኔ በሁለት ጎረቤት ቀለሞች መካከል ቢያንስ የ50 ልዩነት እንዲኖር አደርጋለሁ። ነጩን ጨምሮ ሦስት ደረጃ በምቾት ይገባል፤ አራት በጥንቃቄ። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ሳጥኑን ከመግለጫው ጋር እያመሳከረ መገመት ይጀምራል።

በቁጥሩ ከ0 እስከ 255 ሰፊ ቦታ ያለ ይመስላል። ማሽኑ ላይ ግን ቦታው ይጠባል። ሌዘር ፕሪንተር ግራጫ ቀለም የለውም፤ ግራጫ የሚመስለውን የሚሠራው ጥቁር ነጥቦችን እያራራቀና እያቀራረበ ነው። ኮፒ ማሽኑ እነዚህን ነጥቦች መልሶ ሲያነብ ቀጭኖቹን ይጥላል፤ ተቀራርበው ያሉትን ደግሞ ያገናኛቸዋል። ነጣ ያለው ወደ ነጭ፣ ጠቆር ያለው ወደ ጥቁር ይሄዳል ማለት ነው። ከኮፒው ላይ ሌላ ኮፒ ሲደረግ ይብሳል። እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየሄደ ሦስተኛና አራተኛ ኮፒ ላይ መድረሱ የተለመደ ነው።

ለዚህ የሚበጀው ፈተና ቀላል ነው። አንድ ገጽ በጥቁርና ነጭ አውጡ፣ እሱን ኮፒ አድርጉ፣ ኮፒውን ደግሞ ኮፒ አድርጉ። ሦስተኛውን ወረቀት ክንድ ርቀት ላይ ይዛችሁ ዓይነቶቹን መለየት ከቻላችሁ ሥራው ያለቀ ነው።

አምስተኛና ስድስተኛ ዓይነት የግድ ካስፈለገ ጭረት ወይም ነጠብጣብ ያለበት ሙሌት አለ፤ ኤክሴል ላይ Format Cells ውስጥ Fill፣ ከዚያ Pattern Style ነው። ጽሑፍ ያለበት ሳጥን ላይ ግን አትጠቀሙበት፣ ፊደሉን ይበላዋል።

ኢንተርኔት ላይ «ቀለም ለመለየት ለሚቸገሩ የተዘጋጀ» የሚባል የቀለም ስብስብ አገኘሁ። እሱን ብጠቀም አይበቃም?

ለስክሪንና ለከለር ኅትመት ይበቃል። ለፎቶ ኮፒ ግን አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

በብዛት የሚሠራበት ስብስብ የጃፓናውያኑ የማሳታካ ኦካቤና የኬይ ኢቶ ነው። ስምንት ቀለሞች አሉት። በጣም የታሰበበት ሥራ ነው። ንጹሕ ቀይ ለአንዳንዱ ሰው ስለሚጠቁርበት ወደ ብርቱካናማ ያደላ ቀይ አስገቡ፤ ንጹሑን አረንጓዴ ትተው ወደ ሰማያዊ ያደላውን መረጡ። በቀለም ሲታይ ስምንቱም ይለያያሉ።

አሁን ወደ ግራጫ ለውጧቸው፤ በ # የሚጀምረው የቀለሙ ኮድ ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ንጣቱ ነው። ብርቱካናማው #E69F00 162 ይሆናል። ውሃ ሰማያዊው #56B4E9 ደግሞ 158። በቀለም ከሁሉ የተራራቁ የሚመስሉት ሁለቱ ወረቀት ላይ አንድ ሆነው ይወጣሉ። ስብስቡን መውቀስ አይደለም፤ የተሠራው ለሌላ ዓላማ ነው። ስምንት ቀለሞችን በዓይነት እያራራቁ በንጣትም ማራራቅ ቦታ አይበቃውም።

ከስምንቱ ውስጥ ግን ለኮፒ የሚሆኑ አሉ። ጥቁር 0፣ ሰማያዊው #0072B2 87፣ ብርቱካናማው #E69F00 162፣ ቢጫው #F0E442 213። እነዚህን አራት በቅደም ተከተል ብትይዙ ሁለቱንም ፈተና ያልፋሉ። ቢጫው ከነጩ ወረቀት ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ዙሪያውን በጥቁር መስመር ክበቡት።

ካርታ ለምትሠሩ ደግሞ የሲንቲያ ብሪወር ColorBrewer የሚባል ድረ ገጽ አለ። colorblind safe እና photocopy safe የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉት። ሁለቱንም ስትመርጡ የሚተርፉላችሁ ጥቂት ናቸው፤ የሚተርፉትም በአብዛኛው ከነጣ ወደ ጠቆረ በደረጃ የሚሄዱት ናቸው።

የዝናብ ግራፍ አለኝ፤ ስድስት መስመር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ስለሆነ በጥቁርና ነጭ ነው የሚጠረዘው።

ይህ ከተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚመጣ ነው። የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅ፣ የባቲ፣ የወረ ኢሉና የኩታበር ወርሃዊ ዝናብ በአንድ ግራፍ ላይ ተቀምጧል እንበል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስድስቱም አብረው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ መስመሮቹ የሚተራመሱት እዚያው ነው፣ አንባቢው ማየት የሚፈልገውም እዚያው ነው።

ለዓመታት ኤክሴል በራሱ ይሰጥ የነበረው የግራፍ ቀለም ቅደም ተከተል ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ ግራጫ፣ ወርቃማ፣ ውሃ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው። በንጣት ስንለካቸው አምስተኛው 142፣ ስድስተኛው 143 ይወጣል። ወረ ኢሉና ኩታበር አንድ መስመር ሆኑ ማለት ነው። ብርቱካናማውም 150 ስለሆነ ኮምቦልቻ ተከትሏቸው ይገባል።

እዚህ ቀለም በመቀየር ጊዜ አታጥፉ። ቀጭን መስመር የቀለም ስፋት ስለሌለው ንጣቱ ቢራራቅም ዓይን አይይዘውም። ሁለቱን ዋና ከተሞች፣ ደሴንና ኮምቦልቻን፣ ወፍራም ጥቁር መስመር ስጧቸው፤ አንዱ ድፍን፣ አንዱ የተቆራረጠ ይሁን። የቀሩትን አራት ቀጭን ግራጫ አድርጓቸውና የየከተማውን ስም መስመሩ መጨረሻ ላይ በቀጥታ ጻፉት። ከጎን የሚቀመጠውን መግለጫ አጥፉት። ስድስቱም እኩል ክብደት ካላቸው ደግሞ ስድስት ትንንሽ ግራፎችን በአንድ ገጽ ላይ ደርድሩ፤ የግራ ጠርዙ መለኪያ የሁሉም አንድ ይሁን።

ቀይን ለማስጠንቀቂያ መጠቀም ልተው?

አትተዉት፤ ብቻውን ግን አትተማመኑበት። «በቀይ የተጻፉት ቅድሚያ ይከፈላሉ» የሚል ወረቀት ኮፒ ሲደረግ ማንም ቀዩን አያገኘውም። ይባስ ብሎ ቀይ ፊደል 76 ስለሆነ ከጥቁሩ ጽሑፍ ይልቅ ሳሳ ብሎ ይወጣል። እንዲጎላ የተፈለገው ከሁሉ የደከመው ሆነ ማለት ነው። ቃሉን ቦልድ አድርጉት፣ ወይም በወፍራም መስመር ክበቡት። ከዚያ በላይ ቀይ ብታደርጉት ለስክሪን ይጠቅማል፣ ለኮፒ አይጎዳም። ቀዩን #D55E00 ብታደርጉት ደግሞ ቀይ ለሚጠቁርበት ሰው የተሻለ ይታያል።

ከማተሜ በፊት ስልኬ ወይም ኮምፒውተሬ ላይ ላየው እችላለሁ?

አንድሮይድ ስልክ ላይ ይቻላል። About phone ውስጥ Build number የሚለውን ሰባት ጊዜ ስትነኩ Developer options ይከፈታል። እዚያ ውስጥ Simulate color space አለ። Monochromacy ስትመርጡ ስክሪኑ በሙሉ ግራጫ ይሆናል። Deuteranomaly እና Protanomaly ደግሞ ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው የሚያየውን በግምት ያሳያሉ። አይታችሁ ስትጨርሱ ወደ Disabled መልሱት።

ዊንዶውስ ላይ Accessibility ውስጥ Color filters አለ። Grayscale የሚለው ለእኛ ሥራ በጣም ይጠቅማል። እዚያው ያሉት Red-green የሚሉት ግን እንዳያሳስቷችሁ። እነሱ ችግሩ ያለበትን ሰው ለመርዳት ቀለሙን ያስተካክላሉ እንጂ እሱ የሚያየውን አያሳዩም። «በዚህ አየሁት፣ ይለያል» ብሎ ወረቀቱን ያሳለፈ ሰው የተገላቢጦሹን ነው ያየው።

የመሥሪያ ቤታችን ቀለም ቀይና አረንጓዴ ነው። መቀየር አይፈቀድልኝም።

ይህ እንደሚመስለው መፍትሔ የሌለው አይደለም። መጀመሪያ አርማውና የገጹ አናት እንደ ፈለጉ ይሁኑ፤ እዚያ ቀለሙ መረጃ አልያዘም። ችግሩ ሠንጠረዡ ውስጥ ነው።

እዚያም ቢሆን የቀለሙን ስም ሳይቀይሩ ንጣቱን መቀየር ይቻላል። ቀዩን አጥቁሩት፣ አረንጓዴውን አንጡት። ከዚያው ከ Standard Colors መስመር Dark Red 57 ነው፣ Light Green 175። ልዩነቱ 118 ይሆናል። ኮፒው ላይ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጣ ያለ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ቀይና አረንጓዴ የማይለየው ሰውም አንዱን ጠቆር፣ ሌላውን ፈካ ብሎ ያየዋል፤ ቀይ ለሚጠቁርበት ሰው እንዲያውም ልዩነቱ ይሰፋለታል። በ Dark Red ላይ ነጭ ቦልድ፣ በ Light Green ላይ ጥቁር ጽሑፍ አድርጉ። አለቃችሁ ወረቀቱን ሲያዩ ቀይና አረንጓዴ ነው የሚታያቸው። ሦስተኛ ቀለም ካስፈለገ ነጩን ተጠቀሙ እንጂ ቢጫ አትጨምሩ። የኤክሴል ቢጫ 226 ስለሆነ ከ Light Green ጋር 51 ይራራቃል፤ ከወረቀቱ ጋር ግን 29 ብቻ ይቀረዋል፣ ሁለተኛው ኮፒ ላይ ነጭ ይሆናል።